በጀቱ የ2,000 ጥንድ፣ የተሠራው 1,600፦ ይሄ «ቆጠብን» ይባላል?

ሰማያዊ ሌጀር

ሰላም ቤቶች። መርካቶ አካባቢ ያለች አነስተኛ ጫማ ማምረቻ ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። ሂሳብ ስል ደመወዙም ስቶሩም ግብሩም እኔው ላይ ነው። የምናመርተው የወንድ የቆዳ ጫማ ነው።

የጥቅምትን በጀት የሠራሁት 2,000 ጥንድ እናመርታለን ብለን ነበር። መብራት ተቆራረጠ፣ ሶልም ዘግይቶ ገባ፣ መጨረሻ ላይ 1,600 ጥንድ ብቻ ወጣ። የወጣው ሁሉ ተሸጧል። ወሩን ስዘጋ፣ ከተያዘው 1,510,000 ብር የወጣው 1,310,500 ብር ሆነ። ጋሼ፣ ማለትም ባለቤቱ፣ ወረቀቱን እንዳዩ «199,500 ብር ቆጥበናል!» ብለው ፎርማኑን አመሰገኑት፤ ጉርሻም ሊሰጡት ነው።

እኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ትርፍ 290,000 ይሆናል ብለን 145,500 ነው የመጣው። ይሄን ያህል ከቆጠብን ትርፉ እንዴት በግማሽ ወረደ? በጀቴ ይሄ ነበር፦

ሽያጭ፦ በጥንድ 900 ብር
ቆዳ፦ በጥንድ 2.5 ስኩዌር ፊት፣ ፊቱ በ120፣ ማለትም 300 ብር
ሶል፣ ማስቲሽ፣ ክርና ካርቶን፦ በጥንድ 220 ብር
የሠራተኛ፣ በጥንድ የሚከፈል፦ 150 ብር
መብራትና ጀነሬተር፦ ለወሩ 40,000 ብር
ኪራይና የወር ደመወዝ፦ 130,000 ብር

የወጣው ደግሞ ቆዳ 538,200፣ ሶልና ሌላው ዕቃ 350,400፣ የሠራተኛ 252,000፣ መብራት 37,900፣ ኪራይና ደመወዝ 132,000። ሽያጩ 1,456,000 ነው። እስቲ አንድ ነገር በሉኝ።

ካልኩሌተር

ቀላል ነው እኮ። ከታሰበው 80 በመቶ ነው የሠራችሁት፣ ስለዚህ በጀቱንም በ80 በመቶ አባዢው። 1,510,000 ሲባዛ በ0.8 ይሆናል 1,208,000። ያወጣችሁት 1,310,500። ስለዚህ መቆጠብ አይደለም፣ 102,500 ብር አባክናችኋል። ፎርማኑ ጉርሻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው የሚገባው 😂

ወረዳ ፋይናንስ

እኔ ደግሞ የገባኝ ሌላ ነው። በጀት ከጸደቀ በኋላ እንደፈለጉ አይነካካም። ከአንዱ የሂሳብ መደብ ወደ ሌላው ለማዛወር ደብዳቤ ተጽፎ፣ ኃላፊ ፈርሞ፣ በሥርዓቱ ነው። የተረፈው 199,500 ብርም በዓመቱ መጨረሻ ካልተሠራበት ተመላሽ ይሆናል። እህቴ፣ መጀመሪያ ዝውውሩን ማን እንደፈቀደ ጠይቂ።

ሰማያዊ ሌጀር

አቶ ወረዳ፣ እኛ የግል ድርጅት ነን 🙂 ማንም አያዛውርም፣ ማንም አይመልስም። ብሩ እኮ «የተረፈ» አይደለም፣ ጫማው ስላልተሠራ ያልወጣ ነው። ካልኩሌተር፣ ያንተ ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለኛል። ግን የቤት ኪራይን በ0.8 ማባዛት ትክክል ነው?

እትዬ ኮስት

ልጄ፣ ጥያቄሽ ውስጥ መልሱ አለ። አከራይሽ «በዚህ ወር ትንሽ ጫማ ስለሠራችሁ ኪራይ ቀንሼላችኋለሁ» ካላለሽ፣ ኪራይ በ0.8 አይባዛም። ዘበኛውም እንደዚያው። ካልኩሌተር የጋሼን ስህተት አይቷል፤ የ2,000 ጥንድ በጀት ከ1,600 ጥንድ ወጪ ጋር አይወዳደርም። ግን እሱም በሌላ በኩል ወድቋል፤ የማይቀንሰውን ቀንሶ ፎርማኑን ባልሠራው ጥፋት ከሰሰው።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ወጪ ሂሳብ ስሠራ ነው ያረጀሁት። እንዲህ አድርጊ። ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ቁጥር ያዢ፤ በጥንድ ስንት፣ በወር ስንት። ቆዳ በጥንድ 300፣ በወር ዜሮ። ኪራይና ደመወዝ በጥንድ ዜሮ፣ በወር 130,000። ከዚያ ኤክሴል ላይ የጥንዱን ብዛት B1 ላይ ብቻ ጻፊና በየመስመሩ ይሄንን ቀመር አስቀምጪ፦

```
=$B$1*C5+D5
```

C በጥንድ ነው፣ D በወር። 2,000 ስትጽፊ የድሮው በጀትሽ መውጣት አለበት። ካልወጣ አንዱን መስመር ተሳስተሻል። 1,600 ስትጽፊ ደግሞ «1,600 ጥንድ እንደምንሠራ ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ስንት እንመድብ ነበር» ለሚለው መልስ ይወጣልሻል። የወጣውን ከዚህኛው ጋር ነው የምታወዳድሪው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። መብራቱን 40,000 ብለሽ ደፈንሽው። ከዚያ ውስጥ ጫማ ሳይሠራም የሚወጣው ስንት ነው?

ሰማያዊ ሌጀር

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ! መብራቱን አላውቀውም፣ ካለፈው ዓመት አይቼ በግምት ነው ያስቀመጥኩት። አሁን የድሮ ወራትን ሳገላብጥ፣ ትንሽ የሠራንበት ወር 1,200 ጥንድ ሲሆን ለመብራትና ለናፍጣ 28,800 ወጥቷል። ብዙ የሠራንበት ወር 2,200 ጥንድ፣ 42,800 ብር።

እትዬ ኮስት

ጥሩ። በ1,000 ጥንድ ልዩነት 14,000 ብር ጨመረ፣ በጥንድ 14 ብር ማለት ነው። 1,200 በ14 ስታባዢ 16,800። ከ28,800 ስትቀንሺው 12,000 ይቀራል፤ ይሄ የአምፖሉ፣ የቢሮው፣ ጫማ ተሠራ አልተሠራ የሚቆጥረው ነው። ለ2,000 ጥንድ 12,000 እና 28,000፣ 40,000 መጣልሽ። ግምትሽ ጥሩ ነበር።

ግን አትመኚው። በሁለት ወር ብቻ የተሰመረ መስመር ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ወር የተለየ ነገር ካለበት መስመሩ በሙሉ ይጣመማል። ሁሉንም ወራት ወረቀት ላይ ነጥብ አድርገሽ እያቸው። ደግሞ ሁለት ነገር አጣሪ። ቢሉ የየትኛው ወር ነው? የመስከረም ፍጆታ በጥቅምት ከተከፈለና አንቺ በተከፈለበት ቀን ከመዘገብሽው፣ የአንዱን ወር ጫማ ከሌላው ወር መብራት ጋር እያጋባሽ ነው። ሁለተኛ፣ ከ2017 መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፤ የድሮ ወር ብር ከአሁኑ ወር ብር ጋር እኩል አይደለም። በብር ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት አስልተሽ በዛሬው ታሪፍ ብታባዢው ይሻላል።

ዳቦ ቤት አዳማ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ ይሄ የመብራት ነገር የኔም ቁስል ነው። አዳማ ዳቦ ቤት አለኝ። ልክ እትዬ እንዳሉት በዳቦ ቁጥር ልሠራው ሞክሬ አልገጥም አለኝ። አንድ ወር ዳቦው ቀንሶ መብራቱ ይጨምራል። በኋላ ነው የገባኝ፤ ምድጃው ስንት ዳቦ እንደገባበት አያውቅም፣ ስንት ሰዓት እንደጋለ ነው የሚያውቀው። ግማሽ ትሪ ቢገባም ሙሉ ትሪ ቢገባም ሰዓቱ ያው ነው። አሁን መብራቱን በምድጃ ሰዓት፣ ዱቄቱን በኩንታል ነው የማሰላው። ግን ፍርኖው ላይ ሰዓት የሚጽፍልኝ ልጅ ሲቀር ሂሳቡም ይቀራል። ጫማ ላይ ይሄ ችግር የለም?

እትዬ ኮስት

አለ እንጂ። የመስፊያ ማሽን ብዙ አይበላም፣ ሶል የሚያጣብቀው ማሽንና ማድረቂያው ናቸው በላተኞቹ። ሆኖም የልጅቷ መብራት ከጠቅላላ ወጪው ሦስት በመቶ እንኳን አይሞላም። አንተ ጋ ምድጃው ትልቅ ወጪ ነው፣ ልፋቱ ያዋጣሃል። እሷ ጋ ትልቁ ቆዳ ነው፣ ጉልበቷን እዚያ ብታውል ይሻላታል።

ሰማያዊ ሌጀር

ሠርቼ መጣሁ። ለ1,600 ጥንድ መውጣት የነበረበት 1,236,400 ሆነ። የወጣው 1,310,500። ስለዚህ 74,100 ብር አልፈናል። የጋሼ 199,500 ቁጠባ የለም፣ የካልኩሌተርም 102,500 የለም።

በየመስመሩ ሳየው፦ ቆዳ 58,200 አልፏል። የሠራተኛ 12,000፣ መብራት 3,500፣ ኪራይና ደመወዝ 2,000 አልፈዋል። ሶልና ሌላው ዕቃ ብቻ 1,600 ቀንሷል። ሽያጩ ደግሞ በ900 ቢሰላ 1,440,000 ነበር፣ 16,000 ብር በልጦ መጥቷል።

ትርፉም አሁን ገባኝ። ከ290,000 ወደ 203,600 የወረደው 400 ጥንድ ስላልሠራን ነው፣ 86,400 ብር። ከ900 ላይ በጥንድ የሚወጣው 684 ሲቀነስ 216 ብር ይቀረን ነበር፣ በ400 ሲባዛ እሱ ነው። ከ203,600 ወደ 145,500 የወረደው ደግሞ በሠራናቸው ጫማዎች ላይ በሆነው ነገር ነው፣ 58,100።

ካልኩሌተር

እሺ ተሸንፌያለሁ፣ 28,400 ብር ነው የሳትኩት፣ ከማይቀንሰው 142,000 ላይ 20 በመቶውን። ግን ዋናው ነገሬ ትክክል ነበር! አባክናችኋል።

ቆራጩ

እኔ ሂሳብ አላውቅም፣ ቆዳ ቆራጭ ነኝ፣ ሌላ ቤት። ቆዳ 58,200 ሲያልፍ ሁላችሁም ወደ ፎርማኑ ዞራችሁ። እህት፣ ቆዳውን በስንት ገዛችሁት? በርካሽ ከሆነ መልሱን ልንገርሽ፤ ቆዳው እከክ አለበት። የፍየልና የበግ ቆዳ በቅማልና በመዥገር ተበልቶ ነጠብጣቡ ከተለፋ በኋላ ነው የሚወጣው። ነጠብጣብ ያለበትን የጫማው አፍንጫ ላይ ልታደርጊው አትችዪም፣ እየዘለልሽ ነው የምትቆርጪው። ከአንዱ ቆዳ የሚወጣው ቁጥር ይቀንሳል። ከዚያ ቆራጩ «አባካኝ» ይባላል፣ ገዢው ደግሞ «ጎበዝ፣ በርካሽ አመጣ» ይባላል።

ሰማያዊ ሌጀር

ኧረ ወንድሜ፣ አስማተኛ ነህ እንዴ? በ120 ፋንታ በ117 ነው የተገዛው። የገዙት ራሳቸው ጋሼ ናቸው 🙈 ከስቶር የወጣው 4,600 ፊት ነው፣ ለ1,600 ጥንድ 4,000 ነበር የሚበቃው።

እትዬ ኮስት

እንግዲህ ለሁለት ክፈዪው። በዋጋው በአንድ ስኩዌር ፊት 3 ብር አተረፋችሁ፣ በ4,600 ፊት 13,800 ብር። በአጠቃቀሙ ግን 600 ፊት አልፏል፣ በ120 ሲባዛ 72,000 ብር። ተቀናንሶ ያ 58,200 ይመጣል። የመጀመሪያው የገዢው ነው፣ ሁለተኛው የቆረጠው ሰው ነው ይባላል። ቆራጩ ልጅ እንዳለው ግን፣ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ወልዶት ሊሆን ይችላል።

ቢሆንም 600 ፊት በዛብኝ። እከኩ ብቻ 15 በመቶ አይበላም፣ ወይ በጣም መጥፎ ቆዳ ነው። 1,600ው ሁሉ አንድ ዓይነት ጫማ ነው? ሽያጭሽም አማካዩ 910 መጥቷል። ለምን?

ቆራጩ

እትዬን ላክብር እንጂ፣ 15 በመቶ የበላ ቆዳ በእጄ ቆርጫለሁ። ከታች ደረጃ ሲገዙ ይበላል።

ሰማያዊ ሌጀር

እትዬ፣ አሁን ነው የደነገጥኩት። 400ው ተራ ጫማ አይደለም። ለአንድ የጥበቃ ሠራተኞች ድርጅት ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡት ጫማ ነው የሠራነው። ጋሼ በ940 ተስማምተው ነው የተቀበሉት። ሌላው 1,200 በ900 ነው የተሸጠው። ቆራጫችንን ጠይቄው ቡቱ በጥንድ 3.5 ፊት ይፈጃል አለኝ። ለሠራተኛም በጥንድ 170 ነው የተከፈለው። በጀቱ ላይ ሁሉንም «ጥንድ» ብዬ ነው የቆጠርኩት።

እትዬ ኮስት

እሱን ነበር የምፈልገው። «ጥንድ» የሚለው ቃል አታለለሽ። በጀቱን በብዛት ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ነው የምታስተካክዪው። 1,200 በ2.5፣ 3,000 ፊት። 400 በ3.5፣ 1,400 ፊት። መፍጀት የነበረበት 4,400 ነው፣ የፈጀው 4,600። ያለፈው 600 ሳይሆን 200 ፊት ነው፣ 24,000 ብር። እሱንም በርካሽ ግዢው የተገኘው 13,800 ያካክሰዋል፣ 10,200 ብቻ ይቀራል። 200 ፊት አምስት በመቶ አይሞላም፤ ለእከክ ቆዳ፣ ልጄ ቆራጩ ይመስክር፣ ብዙ አይደለም። የሠራተኛውም 12,000 ውስጥ 8,000ው የቡቱ 20 ብር ነው።

እንደገና ሲሠራ ወጪው 1,292,400 መሆን ነበረበት። ያለፋችሁት 18,100 ብር ነው። ፎርማኑን ለማስቀጣትም ለማስሸለምም የሚበቃ አይመስለኝም።

ከዚህ ይልቅ ቡቱን እዪው። ተራው ጫማ በጥንድ 216 ብር ይተዋል። ቡቱ በ40 ብር ተወድዶ ቆዳው በ120፣ ሠራተኛው በ20 ጨመረ። የሚተወው 116 ብር ነው። 400 ጥንድ ላይ 100 ብር ሲጎድል 40,000 ነው። ያ ፎርማኑ ጋ አይደለም፣ ዋጋውን የተስማማው ሰው ጋ ነው።

ቆራጩ

እመሰክራለሁ። አምስት በመቶ በዚያ ቆዳ ጥሩ ቆራጭ ነው። ሰላምታ አድርሺልኝ።

ዳቦ ቤት አዳማ

ኧረ እኔም የአምባሻውንና የተራውን ዳቦ ለይቼ አላውቅም! ሁሉንም «ዳቦ» ነው የምለው። ነገ ጀምሮ ልለይ።

ነገር በዛ

እኔ አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። በጀቱን ወደ 1,600 ካወረዳችሁት በኋላ ሁሉም ንጹሕ ሆነ። ግን 400 ጥንድ ለምን አልተሠራም? 86,400 ብር እኮ ነው፣ ከቆዳውም ከምኑም ይበልጣል። መብራት ጠፋ ትላላችሁ፤ ጀነሬተር ነበር። ሶል ዘገየ ትላላችሁ፤ ማን ነው ያዘዘው? ይሄ አሠራር ትልቁን ጥፋት ከምንጣፍ ሥር ያስገባዋል።

እትዬ ኮስት

አያስገባም፤ ለብቻው ያቆመዋል። ቀድሞ ከወጪው ጋር ተደባልቆ «ቁጠባ» ይባል የነበረው አሁን በስሙ 86,400 ተብሎ ወጣ። ማን ነው ተጠያቂው የሚለውን ግን ሂሳቡ አይነግርሽም፣ ልክ ነሽ።

ነገር በዛ

ነገር በዛ ወንድ ነው እትዬ 😄 ግን እሺ። ሌላ ልጠይቅ። የሠራተኛ ክፍያ በጥንድ 150 ነው ብላችሁ ሙሉ በሙሉ ከምርት ጋር የሚወርድ አደረጋችሁት። መብራት የጠፋ ቀን ሠራተኛው ባዶ እጁን ነው የሚሄደው? የቀረውን 4,000 ብር ማንም አላብራራውም።

ሰማያዊ ሌጀር

አይ፣ መብራት ሲጠፋ ለሚጠብቁት የምሳ ብር ይሰጣል። ደረሰኝ የለውም፣ ፎርማኑ ከጥቃቅን ወጪ ነው የሚሰጠው። 4,000ው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የት እንደማስቀምጠው አላውቅም፤ ጫማ ሲበዛ አይጨምርም፣ ጫማ ሲያንስ ነው የሚጨምረው።

እትዬ ኮስት

በጥንድ አታስቀምጪው፣ በወርም አታስቀምጪው። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ጽፈሽ ለብቻው መስመር ስጪው፤ ናፍጣውም አብሮት ይሂድ፣ የመብራቱ 3,500ም ምናልባት እዚያ ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ግን እንዲህ አናደርግም ነበር፣ ከሠራተኛው ላይ ነበር የምንጭነው። የትኛው ይሻላል ብትዪኝ ዛሬም እከራከራለሁ።

ደግሞ አንድ ልጨምር፣ ቀመርሽን ዝም ብለሽ 3,000 ጥንድ ጽፈሽ ለጋሼ እንዳታሳዪ። የድሮ ወራትሽ ከ1,200 እስከ 2,200 ነው የሚያውቁት። 3,000 ለመሥራት ሁለተኛ ፈረቃ፣ ሌላ ዘበኛ፣ ምናልባት ሌላ ቤት ያስፈልጋል። 130,000ው እዚያ ላይ ይዘላል፣ ቀመሩ ግን ዝም ብሎ 130,000 ይልሻል።

ሰማያዊ ሌጀር

ዛሬ ጠዋት ለጋሼ አሳየኋቸው። ቡቱ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ከዚያ «የጥበቃው ድርጅት ለኅዳር ሌላ 600 ጥንድ አዝዟል እኮ» አሉኝ። በስንት ብዬ ስጠይቅ፣ በዚያው በ940።

ካልኩሌተር

600 ሲባዛ በ116፣ 69,600። ከዜሮ ይሻላል አትበሉኝ እንጂ ማሽኑ ባዶ ከሚቆም ይሻላል።

ነገር በዛ

ማሽኑ ባዶ የሚቆም ከሆነ አዎ። የተራውን ጫማ ቦታ የሚወስድ ከሆነስ? ሌጀር፣ በኅዳር ለተራው ጫማ ስንት ትእዛዝ አላችሁ?

ሰማያዊ ሌጀር

1,700 ጥንድ። ከ2,200 በላይ ሠርተን አናውቅም።